ቤሌ ላይ በሻማ የተሠራ በጀት

ከወላይታ ሶዶ ወደ ቤሌ የወረድነው ጠዋት ሄደን ማታ ለመመለስ ነበር። ወሩ ሰኔ 2016 ነው፤ ክረምቱ ጠንክሮ ገብቷል። የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ምንጮችን አጎልብቶ ንጹሕ ውኃ ለማድረስ የታሰበ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ነበር። በጀቱ ገንዘብ ሰጪው በላከው ቅጽ ላይ ተሞልቷል። እኔ የተጠራሁት ከመላኩ በፊት ቁጥሮቹን ከቤሌ ገበያ ዋጋ ጋር እንዳመሳክር ነው። የፕሮጀክት በጀት መሥራትና ማረም እንጀራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጥሪ ለምጄዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ ግን የመመለሻውን ነገር አበላሸው። ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ሾፌራችን መኪናውን አዙሮ ወደ ከተማው ገባ። አልጋ ይዘን አረፍ ከማለታችን መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሬ ውስጥ የቀረው ባትሪ ቅጹን አንድ ጊዜ ገልጦ ለማየት ብቻ በቃ። በጀቱ በማግስቱ መላክ አለበት፤ ቀኑ ካለፈ ማመልከቻው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል። ስለዚህ እኔ፣ የፕሮጀክቱ ሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው ወጣትና ሾፌሩ አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ሻማ አብርተን፣ ባለ ካሬ ደብተርና የእጅ ካልኩሌተር ይዘን ተቀመጥን።

ባትሪው ከማለቁ በፊት ባየሁት ቅጽ ላይ ያደረግሁት ፍተሻ አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም ሰው በጀት ሲሰጠው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባም ይኸው ነው። የሁለተኛውን ዓመት ዓምድ ለመጀመሪያው ዓመት ዓምድ ማካፈል። ሲሚንቶው 1.20 ሰጠ። ደመወዙ 1.20 ሰጠ። የቢሮ ኪራዩ 1.20፣ ውሎ አበሉ 1.20፣ ነዳጁም 1.20። እያንዳንዱ መስመር አንድ ዓይነት ቁጥር ከሰጠ በጀቱን የሠራው ቅጹ ነው ማለት ነው፤ ሰው አላሰበበትም። ቅጹ ላይ «ዓመታዊ የዋጋ ንረት» የምትል አንዲት ሳጥን አለች፤ እዚያ ላይ 20 ሲጻፍ ሁሉም ነገር በ20 በመቶ ያድጋል።

20 በመቶ የሚለው ቁጥር ራሱ ከአየር የተወሰደ አልነበረም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው ዓመታዊ የዋጋ ንረት በዚያ ወቅት 20 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2014 እና በ2015 ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ከዚያ እየወረደ የመጣ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋም ይህንኑ ታውቃለች። «ጋሼ፣ ቁጥሩ የመንግሥት ነው፤ ምን ይጎድለዋል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ ሌሊቱን ያሳለፍነውም እሱን ስንመልስ ነው።

መልሱን የጀመረልን ግን አጠገባችን የተቀመጠ የሰፈሩ ሰው ነው። ጨዋታችንን ሲሰማ ቆይቶ ስለ ጊፋታ አነሳ። ጊፋታ መስከረም ላይ የሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ወንዶች ተሰባስበው ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፣ ሴቶችም ለቅቤው እንዲሁ። ሰውየው እንደነገረን የእነሱ ማኅበር መዋጮውን ሲወስን የበሬውን ዋጋ የሚጠይቀው በዓሉ ባለፈ ሰሞን ነው። በሬው የሚገዛው ግን ከዓመት በኋላ ነው። «የዛሬውን ዋጋ ለአባላቱ ብናካፍል መስከረም ላይ የበሬው አንድ እግር ይጎድላል» አለ። ስለዚህ ገና ከመነሻው ከጠየቁት ዋጋ በላይ ጨምረው ያካፍላሉ።

የእኛ ቅጽ ይህን አያደርግም ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ፕሮፎርማው ላይ እንዳለ ይወስድና ንረቱን መቁጠር የሚጀምረው ከሁለተኛው ዓመት ነው። ፕሮፎርማው የተሰበሰበው ሰኔ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ቢፈቀድ የሚጀምረው ጥር ላይ ነው። ምንጭ የሚገነባውም በበጋ ስለሆነ ሲሚንቶው የሚገዛው የካቲት ላይ ነው። ከሰኔ እስከ የካቲት ስምንት ወር ነው፤ እነዚህ ስምንት ወራት በቅጹ ውስጥ የሉም። ሁለተኛው ዓመት ግዢ 20 ወር፣ ሦስተኛው 32 ወር ይርቃል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንተኛው ዓመት ነው?» ሳይሆን «ዋጋው ከተጠየቀበት ቀን ገንዘቡ እስከሚወጣበት ቀን ስንት ወር አለ?» የሚለው ነው። በኮምፒውተር ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፤ D12 የፕሮፎርማው ዋጋ፣ C3 ዓመታዊው ንረት፣ E12 የወሩ ብዛት ነው፦

```
=D12*(1+$C$3)^(E12/12)
```

ደብተሩ ላይ ግን ሲሚንቶን ይዘን በእጅ ሠራነው። ስሌቱ እንዲቀል አንድ ኩንታል ሲሚንቶ 1,500 ብር፣ የዓመት ፍጆታው 400 ኩንታል አልን። በቅጹ አካሄድ ዋጋው 1,500፣ ከዚያ 1,800፣ ከዚያ 2,160 ነው፤ የሦስቱ ዓመት ድምር 2,184,000 ብር ይመጣል። በወር ስንቆጥረው ግን 1,694፣ 2,033 እና 2,439 ሆነ፤ ድምሩም 2,466,400 ብር። ንረቱ በሁለቱም ያው 20 በመቶ ነው። ልዩነቱ 282,400 ብር ሲሆን የመጣው ከተረሱት ስምንት ወራት ብቻ ነው። በሦስተኛው ዓመት ዋጋ ሲመነዘር ከ115 ኩንታል በላይ ሲሚንቶ ይገዛል፤ የዓመቱ ፍጆታ አንድ አራተኛ ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ጉድለት በመጀመሪያው ዓመት አይታይም፤ ከሌላ መስመር እየተሸፈነ ይሄዳል። የሚታየው በሦስተኛው ዓመት ነው፦ የውኃ መያዣ ሳጥኑ ተሠርቶ ማከፋፈያ ቦኖው የቀረ ምንጭ ሆኖ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ስታይ «እንግዲያው ሁሉንም በመጀመሪያው ዓመት እንግዛው» አለች። ለአንዳንዱ ዕቃ ልክ ናት። የውኃ ቧንቧ፣ መገጣጠሚያና ቫልቭ ጥላ ውስጥ ከተቀመጠ ዓመት ቢቆይም አይበላሽም፤ ገንዘብ ሰጪው ከፈቀደ እነዚህን ቀድሞ መግዛት ከየትኛውም ስሌት የተሻለ የንረት መከላከያ ነው። ሲሚንቶ ግን እንደዚያ አይደለም። የቤሌ ክረምት እርጥበት አለው፤ ሲሚንቶ በእንጨት ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እንኳን ጥቂት ወራት ሲቆይ አቅሙ ይደክማል፣ ከዚያም ጠጥሮ ይደርቃል። አሸዋና ድንጋይ ደግሞ ሕዝቡ የሚያዋጣው ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቀው ማጓጓዣው ስለሆነ ዋጋው የሚከተለው ነዳጁን ነው። ስለዚህ ቧንቧውን በስምንት ወር፣ ሲሚንቶውን በየዓመቱ ወር፣ ማጓጓዣውን ለብቻው አድርገን ሦስት ቦታ ከፈልናቸው።

የቢሮ ኪራዩም በየዓመቱ 20 በመቶ አያድግም። ውሉ የሁለት ዓመት ከሆነ ሁለተኛው ዓመት ላይ ጭማሪው ዜሮ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ግን ባለቤቱ ያለፈውን ሁለት ዓመት አጠራቅሞ ይጠይቃል። ውሎ አበልም እንዲሁ በድርጅቱ መመሪያ ተወስኖ ይቆምና መመሪያው ሲሻሻል በአንዴ ይዘላል። እነዚህ ደረጃ በደረጃ የሚዘሉ ወጪዎች ናቸው፤ በየዓመቱ በእኩል መቶኛ ካሳደግናቸው ሁለተኛው ዓመት ላይ ገንዘብ ይተርፋል፣ ሦስተኛው ላይ ይጎድላል። የተረፈውን ወደሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ደግሞ በብዙ ገንዘብ ሰጪዎች ዘንድ ፈቃድ ይጠይቃል።

ደመወዝ ላይ ስንደርስ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የቆየው ሾፌራችን ገባበት። «ጋሼ፣ አምና 10 በመቶ ተጨመረልህ ተባልኩ። እጄ ላይ የገባው ግን 10 በመቶ አይደለም» አለ። እንዲያ ከሆነ በሻማው ብርሃን እንየው ብዬ ደመወዙን 8,000 ብር አድርገን ጀመርን።

በዚያን ጊዜ የሚሠራው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነበር። ከ7,800 ብር በላይ እስከ 10,900 ብር ያለ ደመወዝ በ30 በመቶው ዕርከን ውስጥ ነው፤ አሠራሩ ደመወዙን በ30 በመቶ አባዝቶ 955 ብር መቀነስ ነው። የ8,000 ብር ግብር 1,445 ብር ይሆናል። ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል፤ 560 ብር። እጁ የሚገባው 5,995 ብር ነው። 10 በመቶ ሲጨመር ደመወዙ 8,800 ብር፣ ግብሩ 1,685፣ ጡረታው 616፣ የተጣራው 6,499 ብር ይሆናል። እጁ ላይ የተጨመረው 504 ብር ነው፤ በመቶኛ 8.4። አሠሪው ደግሞ በደመወዙ ላይ የራሱን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚከፍል ወጪው ያደገው በ888 ብር ነው። አንዱ ጭማሪ ከድርጅቱ ካዝና 888 ሆኖ ወጥቶ የሾፌሩ እጅ 504 ሆኖ ይደርሳል።

ሾፌሩ ደብተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ አነበባቸው። ከዚያ ቀጣዩን ጥያቄ እሱ ራሱ ጠየቀ፦ ገበያው በ20 በመቶ ከጨመረ ኑሮው እንዳይወርድ ደመወዙ ስንት መሆን አለበት? የተጣራው 5,995 በ20 በመቶ ሲያድግ 7,194 ብር ነው። ያንን እጁ ላይ ለማስገባት ጥቅል ደመወዙ ወደ 9,903 ብር መድረስ አለበት፤ ይህም ወደ 24 በመቶ ጭማሪ ነው። ግብሩ የሚያድገው ከደመወዙ ፈጥኖ ስለሆነ ከንረቱ ጋር እኩል የሆነ ጭማሪ ንረቱን አይሸፍንም። ስለዚህ የደመወዝ ጭማሪን ከዋጋ ንረት ጋር በአንድ ሳጥን ማሰር ሁለቱንም ያበላሻል። የዋጋ ንረት ገበያው የሚወስነው ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ ግን የድርጅቱ ውሳኔ ነው፤ በደመወዝ ስኬል፣ በኮንትራትና በገንዘብ ሰጪው ጣሪያ ይወሰናል። ድርጅቱ 24 በመቶ መክፈል ላይችል ይችላል። ካልቻለ ግን ለሠራተኛው ኑሮው በምን ያህል እንደሚወርድ አውቆ ይወስን።

በኋላ ቅጹን እንደገና ስንከፍት ሌላም ነገር አየን። በቅጹ ላይ የጡረታው መስመር በእጅ የተጻፈ ቁጥር ነበር፤ ከደመወዙ ጋር አልተያያዘም። ይህን ማወቂያው ቀላል ነው፤ የአሠሪውን ጡረታ ለደመወዙ ስናካፍለው በሦስቱም ዓመት 0.11 መስጠት አለበት። እኛ ጋ ደመወዙ ሲታረም ጡረታው ባለበት ስለቀረ ሦስተኛው ዓመት ላይ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ጡረታ ደግሞ ሕግ የሚያስከፍለው ግዴታ ነው፤ በጀት የለንም ተብሎ አይቀርም።

በማግስቱ ጎርፉ ጎደለልን። ሶዶ ደርሰን መብራት አገኘን። ቅጹ የተቆለፈ ስለነበር ቀመሩን መቀየር አልቻልንም፤ ስለዚህ ሳጥኗ ላይ ንረቱን ዜሮ አድርገን የእያንዳንዱን ዓመት ዋጋ ደብተሩ ላይ እንደሠራነው በቀጥታ አስገባን። ከበጀቱ ጋር አንድ ገጽ የታሳቢዎች ማብራሪያ አያያዝን። በውስጡም ዋጋው የተጠየቀበት ወር፣ ግዢ የሚፈጸምበት ወር፣ ለየትኛው መስመር ምን መቶኛ እንደተወሰደና ለምን፣ የደመወዝ ጭማሪው፣ በመጨረሻም የምንዛሪ ተመኑ ተጻፈ። ተመኑ በዕለቱ የነበረው፣ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነው።

የማብራሪያው ገጽ ዋጋ የታወቀው ከወር በኋላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ነሐሴ ሳያልቅ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ኅዳር ላይ ከ120 ብር አለፈ። በ57 ብር ሲመነዘር 5.7 ሚሊዮን ብር የነበረ 100,000 ዶላር በ120 ሲመነዘር 12 ሚሊዮን ብር ሆነ። ገንዘብ ሰጪው ደብዳቤ ላከ፦ በጀታችሁ በብር ከእጥፍ በላይ አድጓል፣ ስለዚህ ዶላሩን በግማሽ ቀንሱ።

ብዙ ድርጅቶች በዚያን ጊዜ ይህ ጥያቄ ቀርቦላቸዋል። ከሁለት አንዱን የመለሱ ነበሩ፤ ወይ «ዋጋውም በእጥፍ ጨምሯል» ብለው ተከራከሩ፣ ወይ ዝም ብለው ቀነሱ። ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ዋጋ በእጥፍ አልጨመረም፤ ከለውጡ በኋላ በነበሩት ወራት ዓመታዊው ንረት ከ20 በመቶ በታች ነበር። ምክንያቱም ነጋዴው ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ ከረጅም ጊዜ በፊት ጀምሮ በጥቁር ገበያው ተመን አስልቶ ሲሸጥ ስለነበር ነው። የኦፊሴላዊው ተመን ለውጥ በመርካቶም ሆነ በሶዶ መደብር ያለውን ቧንቧ ዋጋ በዚያው ልክ አላነሳውም። ነዳጅ ግን ሌላ ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ስለሆነ ቆይቶ፣ በደረጃ ነው የሚያድገው፤ ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር ተሻገረ። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ አንዱ መስመር ቆሞ ሌላው የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለደብዳቤው የመለስነው በመስመር በመስመር ነበር። የሲሚንቶና የቧንቧ ዋጋ በሰኔ ታሳቢያችን ውስጥ እንዳለ፣ ስለዚህ በዶላር መቀነስ እንደሚቻል አመለከትን። የነዳጅና የማጓጓዣው ከታሳቢው በላይ ስለሄደ እንዳይነካ ጠየቅን። ደመወዝ ላይ በሰኔው ገጽ የጻፍነውን ስሌት አያይዘን፣ ጭማሪው ከኑሮው በታች እንደሆነ ያኔውኑ መታወቁንና ከምንዛሪው ከሚገኘው ትርፍ የተወሰነው ለዚህ እንዲውል ጠየቅን። የቀረው ትርፍ ለተጨማሪ ምንጮች እንዲውል አቀረብን። ገንዘብ ሰጪው ከዶላሩ ቀነሰ፤ ግን በግማሽ አልቀነሰም፤ የደመወዙን ጥያቄ በከፊል ተቀበለ፣ ምንጮቹንም ጨመረ። ክርክሩን ያሳጠረው ሰኔ ላይ የተጻፈው ገጽ ነው። አንድ ሳጥን ላይ 20 የተጻፈበት በጀት ቢሆን ኖሮ የትኛው መስመር በምንዛሪው እንዳተረፈና የትኛው እንደተጎዳ ማሳየት የሚችል ሰው ባልኖረ ነበር።

ዶላርና ንረት አብረው የሚሰሉበትን መንገድም ከዚያ በኋላ ለብዙ ባልደረቦች አስረድቻለሁ። በጀቱ የሚቀርበው በውጭ ገንዘብ ከሆነ የብሩን ንረት እንዳለ ዶላሩ ላይ መጫን አይገባም። ዋጋው በብር 20 በመቶ ጨምሮ ዶላሩም በብር 20 በመቶ ከተወደደ በዶላር ያለው ዋጋ አልተለወጠም። ስለዚህ መጀመሪያ በብር ይሠራል፣ በየዓመቱ በሚጠበቀው ተመን ይመነዘራል፣ ሁለቱም ታሳቢዎች ለየብቻቸው ይጻፋሉ።

ሐምሌ 2017 ላይ የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ፕሮጀክቱ ገና መጀመሪያው ዓመት ላይ ነበር። የእኛ ውሎች በጥቅል ደመወዝ የተጻፉ ስለነበሩ ድርጅቱ ላይ ምንም ወጪ አልጨመረም፤ የሕጉ ጥቅም በቀጥታ ለሠራተኛው ደረሰ። «የተጣራ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ» ብለው የተዋዋሉ ድርጅቶች ዘንድ ግን የቀነሰው ግብር በአሠሪው ካዝና ይቀራል። ሾፌሩ ያን ወር ከድርጅቱ ሳይሆን ከግብሩ የመጣ ጭማሪ አገኘ። ሦስት ዓመት ረጅም ጊዜ ስለሆነ፣ ሕግ፣ ምንዛሪና ነዳጅ በመካከሉ መለዋወጣቸው አይቀርም። እነሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ባለሙያ የለም። ከበጀት ሠሪው የሚጠበቀው እያንዳንዱን ቁጥር በምን ላይ ተመሥርቶ፣ ከየትኛው ወር ተነሥቶ እንደጻፈው መመዝገብ ነው፤ ለውጡ ሲመጣ የሚታረመውን መስመር ለይቶ ሌላውን ባለበት መተው የሚቻለው ያኔ ነው።